ንዝንዝ ኩርፊያን፣ ኩርፊያም ንዝንዝን ሲወልድ

በትዳር ውስጥ ለሚነሳ ጭቅጭቅ አማርኛችን ሁለት ስሞች አሉት። አንዱን ወገን «ነዝናዛ» እንላለን፤ ሌላውን «አኩራፊ»። ሁለቱም ስሞች የሚለጠፉት በሰው ላይ ነው። ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌም «እሷ አፏ አያርፍም»፣ «እሱ ልቡ አይገኝም» ብሎ ፍርዱን ሰጥቶ ያልፋል። ይህ አነጋገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ይሰውርብናል። ንዝንዝና ኩርፊያ በአብዛኛው የሁለት ሰዎች ሁለት ጠባይ ሳይሆኑ፣ ሁለቱ ሰዎች አብረው የሚያሽከረክሩት የአንድ መዘውር ሁለት ጎኖች ናቸው። መዘውሩ እንዴት እንደሚዞር ያላወቀ ሰው ሊያቆመው ሲሞክር የበለጠ ያፈጥነዋል። የዛሬው የጤና አምዳችን የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከአዲስ ቅዳም አካባቢ አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እናስብ። ባልና ሚስቱ በእውን ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ኑሯቸው ግን ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይሆንም። እንደ ብዙዎቹ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ዲከረንስ ተክለዋል። ዛፉ ደርሶ ከሰል እስኪሆን አምስት ዓመት ገደማ ይጠበቃል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚመጣው በየወሩ እየተንጠባጠበ ሳይሆን በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ላይ ነው። ባል ከሰሉን ሸጦ 40 ሺህ ብር ተቀበለ። ሚስት ለልጆች ትምህርት ቤትና ለቤቱ ቆርቆሮ አስባበታለች። ባል ደግሞ ከገንዘቡ 15 ሺህ ብር ለወንድሙ አበድሯል፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም።

ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሚስት ራት እያቀረበች «የከሰሉ ብር ምን ላይ ደረሰ?» ትላለች። ባል «አለ» ይላል። «ስንት አለ?» ትለዋለች፤ «አለ አልኩሽ እኮ» ይላል። «ታዲያ ስንት እንደሆነ ማወቅ አይገባኝም?» ስትል ዝም ይላል። ድምጿ ከፍ ይላል፤ የዛሬ ዓመቱ የድንች ሽያጭ ይነሳል፤ ከዚያም የእናቱ ነገር ይነሳል። ባል ጋቢውን አንስቶ ይወጣል። ሲመለስ ሁሉም ተኝቷል። በማግስቱ ስለ ከብቱና ስለ ውሃው ካልሆነ በቀር ቃል አይለዋወጡም። ማክሰኞ ገደማ ኩርፊያው ይለዝባል። ብሩ ግን አልተነሳም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥያቄው ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚጀምረው «የከሰሉ ብር ምን ላይ ደረሰ?» ከሚለው ሳይሆን «ዛሬም ልትሸሽ ነው?» ከሚለው ነው።

ለየብቻቸው ቢጠየቁ ምን ይላሉ? ሚስት «የምነዘንዘው እሱ ስለማይመልስልኝ ነው» ትላለች። ባል «የማልመልሰው እሷ ስለምትነዘንዘኝ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ልዩነታቸው ታሪኩን መቁጠር የሚጀምሩበት ቦታ ነው። እሷ የምትቆጥረው ከእሱ ዝምታ ጀምራ ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ከእሷ ጩኸት ጀምሮ ነው። ፖል ዋትዝላዊክና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ስለ ሰዎች ተግባቦት የሚተነትን መጽሐፋቸው ይህንኑ የሚሸሽ ባልና የምትነዘንዝ ሚስት ምሳሌ አንስተው ነበር። ክብ የሆነን ነገር እያንዳንዱ በመሰለው ቦታ ቆርጦ «መጀመሪያው ይህ ነው» ይላል። ክብ ግን መጀመሪያ የለውም። ስለዚህ «ማን ጀመረው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሌለው፣ ባልና ሚስቱ ስለ ብሩ መነጋገራቸውን ትተው ስለ ጥፋተኛው ሲከራከሩ ዓመታት ያልፋሉ።

ዝም የሚለው ሰው ከውጭ ሲታይ ግዑዝ ይመስላል። ፊቱ አይለወጥም፤ ዓይኑን ይሰብራል፤ ወይም ስልኩን ይነካካል። ሚስት ይህን የምትተረጉመው «ግድ የለውም» ብላ ነው። በአሜሪካ ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጆን ጎትማንና ባልደረቦቹ ባለትዳሮች ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን እየለኩ ሲያጠኑ ያገኙት ግን ሌላ ነው። እንደ ድንጋይ ዝም ያለው ሰው ልብ ብዙ ጊዜ በኃይል ይመታል። ቁጭ ብሎ የሚያወራ ጤነኛ ሰው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰውነቱ አደጋ ላይ እንዳለ ሆኖ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የሌላውን ቃል በትክክል መስማት፣ ማገናዘብና ለስለስ ያለ መልስ ማግኘት ይከብዳል። የቀረው ምርጫ መጣላት ወይም መሸሽ ይመስለዋል። ዝምታው ብዙ ጊዜ ንቀት ሳይሆን ራስን የመከላከያ አጥር ነው።

አሳዳጁም ወገን እንዲሁ በተሳሳተ መንገድ ይታያል። ድምጿን ከፍ የምታደርገው ሚስት ጠብ ስለወደደች አይደለም። በሩ ሲዘጋባት የሚሰማት ከብሩም ያለፈ ነገር ነው፤ «እኔ በዚህ ቤት ምንድን ነኝ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሰው የሚወደው ሰው ፊቱን ሲያዞርበት ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል። ያንኳኳል፤ ካልተከፈተለት ይደበድባል። ከበሩ ወዲያ ያለው ደግሞ የሚሰማው የመደብደቡን ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ «አትተወኝ» ሲል ሌላው የሚሰማው «አንተ አትረባም» የሚል ነው። አንዱ «እንዳይብስ ብዬ ነው» ብሎ ዝም ሲል፣ ሌላው የሚሰማው «አንቺ ከቁም ነገር አትቆጠሪም» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለቱም በዚህ ከተጎዱ ለምን አያቆሙትም? መልሱ ያለው ዑደቱ ለእያንዳንዳቸው በሚሰጣት ትንሽ፣ ፈጣን ዋጋ ውስጥ ነው። ባል ጋቢውን አንስቶ ደጅ ሲወጣ ጭንቀቱ ወዲያው ይቀንሳል። አየሩ ይቀዘቅዝለታል፤ ልቡ ይረጋጋል። ሰውነቱም «መውጣት ይጠቅማል» የሚል ትምህርት ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ቀደም ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ገና ጥያቄው ሳይጀመር፣ የሚስቱን ፊት አይቶ ብቻ ይወጣል።

ሚስትም የራሷን ትምህርት ትይዛለች። ስድስት ጊዜ ጠይቃ መልስ አላገኘችም። በሰባተኛው፣ ጮኻ ጎረቤት ሲሰማ፣ ባል «እሺ! ለወንድሜ አበድሬያለሁ!» ብሎ ተናገረ። የተማረችው ምንድን ነው? በለሆሳስ መጠየቅ እንደማይሠራና እስኪፈነዳ መግፋት እንደሚሠራ ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሚሠራው ይልቅ ለመተው ይከብዳል፤ «ምናልባት ዛሬ ይሠራ ይሆናል» ያሰኛልና። ስለዚህ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው በሽታ ይሆናል። እሱ ለሰላም ብሎ የወሰደው ዝምታ ለእሷ ጭንቀት ነው፤ እሷ ለመቀራረብ ብላ የወሰደችው ግፊት ለእሱ ጭንቀት ነው። ሁለቱም መድኃኒቱ እንዳልሠራ ሲያዩ መጠኑን ይጨምራሉ። ዑደቱ ያለማንም ክፋት ራሱን የሚያኖረው በዚህ መንገድ ነው።

«ሴት መነዝነዝ፣ ወንድ ማኩረፍ ተፈጥሮው ነው» የሚሉ አሉ። በጥናቶቹ ውስጥ በእርግጥም ሴቷ ጠያቂ፣ ወንዱ ሸሺ የሚሆኑበት ጊዜ ይበዛል። ነገር ግን አንድሪው ክሪስተንሰንና ክሪስቶፈር ሄቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ባለትዳሮቹን ሁለት ዓይነት ጉዳይ አነጋገሩ፤ አንዱ ሚስት ለውጥ የምትፈልግበት፣ ሌላው ባል ለውጥ የሚፈልግበት። ሚስት ለውጥ በፈለገችበት ጉዳይ እሷ ስትገፋ እሱ ሲሸሽ ታየ። ባል ለውጥ በፈለገበት ጉዳይ ግን ያ ልዩነት እምብዛም አልታየም። ይህ የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ። የሚገፋው በአብዛኛው አሁን ያለው ሁኔታ ያልተመቸው ወገን ነው፤ የሚሸሸው ነገሩ እንዳለ ቢቀጥል የማይጎዳው ነው። ብሩ በማን ኪስ እንዳለ ይመልከቱ። ብሩ ኪሱ ያለ ሰው ዝም ቢል ብሩ እዚያው ይቆያል። ኪሷ ባዶ የሆነ ሰው ዝም ብትል ግን ምንም አታገኝም። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለውን ንዝንዝ ማስቆም የሚፈልግ ሰው ከጠባይ በፊት የገንዘቡን አያያዝ ማየት አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው እርምጃ እረፍትን ከሽሽት መለየት ነው። ከላይ በጠቀስነው የጎትማን ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎቹ ጭቅጭቅ ላይ የነበሩ ጥንዶችን አቋርጠው ለጥቂት ጊዜ መጽሔት ብቻ እንዲያነቡ አደረጉ። ሲመለሱ የልብ ምታቸው ወርዶ፣ አነጋገራቸውም ለዝቦ ተገኘ። ከዚህ በመነሳት የሚሰጠው ምክር እረፍቱ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሁን የሚል ነው፤ የጋለ ሰውነት ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይበርድምና። መለኪያው ቀላል ነው። ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣትዎ በታች የእጅ አንጓዎ ላይ ያድርጉ፤ ለ30 ሰከንድ ምቱን ቆጥረው በ2 ያባዙት። ቁጭ ብለው እያወሩ ከ100 ካለፈ ለጊዜው ክርክሩን መቀጠል አይጠቅምም።

እረፍቱ እረፍት የሚሆነው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሲወጡ መውጣትዎን በቃል መናገር፣ የሚመለሱበትን ሰዓት መቁረጥና በሰዓቱ ተመልሰው ነገሩን ራስዎ ማንሳት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የወጣው ሰው ራሱ ተመልሶ ጉዳዩን ካነሳ፣ ቤት የቀረችው ሰው ማሳደድ አያስፈልጋትም። ይህንን ስምምነት የሚገቡትም በጠቡ መካከል ሳይሆን ሰላም በሆነ ቀን ነው። በእረፍቱ ጊዜ ደግሞ «እንዲህ ስትለኝ እንዲህ እላታለሁ» እያሉ ክርክሩን በልብ መደጋገም ልብን አያበርድም፤ እንዲያውም ያግለዋል። ከብት ማሰር፣ እንጨት መፍለጥ፣ መራመድ ወይም ጸሎት ይሻላል።

ሁለተኛው እርምጃ የጠያቂው ነው። የጥያቄው አጀማመር ብዙውን ጊዜ የውይይቱን መጨረሻ ይወስናል። አንድ ቀን አንድ ጉዳይ ብቻ ይነሳ፤ የድንቹና የአማቷ ነገር ለሌላ ቀን ይቆይ። «አንተ ሁልጊዜ» ብሎ ከመጀመር ይልቅ የሚያስፈልገውን ነገር በስሙ መጥራት ይሻላል። መልስ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ለአንድ ደቂቃ ዝም ሊል ይችላል፤ ያንን አንድ ደቂቃ በሌላ ጥያቄ አለመሙላትም ይገባል።

የአዲስ ቅዳሙን ቤት በዚህ መንገድ እንየው። ሚስት ቅዳሜ ማታን ትታ፣ ሁለቱም ባልደከሙበት በእሑድ ከሰዓት እንዲህ ትላለች፦ «የከሰሉ ብር ስንት እንደቀረ ሳላውቅ ስቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ አብረን እንድናሰላ እፈልጋለሁ።» ባል ደረቱ ሲጨንቀው ይሰማዋል፤ የወንድሙ ብድር አለና። ጋቢውን ያነሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን እንዲህ ብሎ ነው፦ «ልመልስልሽ እፈልጋለሁ፤ አሁን ግን ጨንቆኛል። ከብቶቹን አግብቼ 12 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፤ ያኔ እነግርሻለሁ።» በ12 ሰዓት ይመለሳል። እስክትጠይቀው አይጠብቅም፤ «15 ሺህ ለወንድሜ ሰጥቻለሁ፤ እንዳትቆጪ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ» ይላል።

ትቆጣለች፤ መቆጣቷም አግባብ ነው። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚነጋገሩት ስለ ዝምታው ሳይሆን ስለ 15 ሺህ ብሩ ነው። መቼ ይመለሳል? የቀረው 25 ሺህ ስንቱ ለቆርቆሮ፣ ስንቱ ለልጆቹ ይሁን? ከዚህ በኋላ ከስንት ብር በላይ ሁለቱም ሳይስማሙ አይወጣም? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው። «ማን ጀመረው?» ግን መልስ አልነበረውም።

ነገሩ የሚበላሽባቸው መንገዶችም አሉ። ዋናው «እረፍት» የሚለው ቃል አዲስ የሽሽት ስም ሲሆን ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ይወጣል፣ ሰዓት አይቆርጥም፣ ወይም ሰዓቱ ደርሶ «ደክሞኛል፣ ነገ» ይላል፤ ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል። ሌላው ደግሞ ጠያቂው የተቆረጠውን ሰዓት ሳይጠብቅ ደጅ ድረስ ሲከተል ነው። ያን ጊዜ የበረደው ልብ እንደገና ይግላል፤ ሸሺውም በሚቀጥለው ጊዜ ራቅ ብሎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የሽምግልናችን ነገር ይነሳል። በአዊም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ባልና ሚስትን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ትልቅ አቅም ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ለማስማማት እንዲሞክርና ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ መስጠት እንዲችል ይፈቅዳል። ነገር ግን የማሰቢያ ጊዜም ሆነ ሽምግልና ፍሬ የሚኖረው ጥያቄው ሲለወጥ ነው ብለን እናምናለን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል ሥሩ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በጀማሪው ሰው ውስጥ ነው። «አንቺም አትጨቅጭቂ፣ አንተም አታኩርፍ» ተብሎ ጉልበት ተሳስሞ የተበተነ እርቅ የብሩን ጉዳይ አልነካም። ሽማግሌዎች «ማን ጀመረ?» ከማለት ይልቅ «እሷ ስትጠይቅህ ምን ይሰማሃል? ምንስ ታደርጋለህ? አንቺስ እሱ ሲወጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ክቡን አንድ ጊዜ አብረዋቸው ቢዞሩት፣ ሁለቱም የራሳቸውን እጅ በመዘውሩ ላይ ያዩታል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ግን በጥብቅ መለየት አለበት። ዱላን ፈርቶ ዝም ያለ ሰው አላኮረፈም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸውና ትዳር ከመሠረቱ ሴቶች መካከል 34 በመቶዎቹ ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ድብደባ፣ ዛቻ ወይም ማስፈራራት ባለበት ቤት «ለስለስ አድርገሽ ጠይቂ» የሚለው ምክር ጥፋቱን በተጠቂዋ ላይ ስለሚጭን አይሠራም። እዚያ የሚቀድመው ደኅንነት ነው፤ ለሚታመን ዘመድ መንገር፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ መሄድ ነው። እንዲሁም ሰውየው የራቀው ከሚስቱ ጭቅጭቅ ብቻ ሳይሆን ከሥራው፣ ከወዳጆቹና ከምግቡም ከሆነ፣ እንቅልፉም ከተዛባና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ነገሩ ኩርፊያ ሳይሆን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የጤና ባለሙያ ይየው።

እርስዎ በቤትዎ ዑደቱ መላላት መጀመሩን የሚያውቁት ጭቅጭቅ በመጥፋቱ አይደለም። ሁለት ሰው በአንድ ጣራ ሥር እስካለ ድረስ አለመግባባት አይጠፋም። የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ከሦስት ቀን ኩርፊያ ወደ አንድ ሌሊት፣ ከአንድ ሌሊት ወደ አንድ ሰዓት ማጠሩን ይመልከቱ። ከዚያም ነገሩን መልሶ ያነሳው ማን እንደሆነ ያስተውሉ። ቀድሞ ይሸሽ የነበረው ሰው አንድ ቀን ሳይጠየቅ «ያን ነገር እንጨርሰው» ካለ፣ መዘውሩ አቅጣጫውን ቀይሯል ማለት ነው።